በሚሸሽ ዋጋ ፊት የወር ቁጠባን መወሰን

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲነገር የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይመስላል። አንድ ሰው ዋጋው የታወቀ ነገር በተወሰኑ ወራት ውስጥ መግዛት ይፈልጋል። በየወሩ ስንት ብር ያስቀምጥ? ዋጋውን ለወራቱ ቁጥር አካፍሎ መልሱን የሚጽፍ ተማሪ በፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ይሆናል፤ በገበያ ግን ይወድቃል። እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ መንገድ ወድቄአለሁና ከዚያ ልጀምር።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት የእናቴ ቤት ጣሪያ ዝጎ ማፍሰስ ጀመረ። ሙሉ በሙሉ ለመቀየር 80 ቆርቆሮ እንደሚያስፈልግ አናጢው ቆጥሮ ነገረኝ። እዚህ የምጠቅሳቸውን ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ። የአንዱን ቆርቆሮ ዋጋ 1,500 ብር እንበለው፤ ጠቅላላው 120,000 ብር ይሆናል። ሚስማሩን፣ እንጨቱንና የእጅ ዋጋውን ለጊዜው እንተወው። በሁለት ዓመት፣ ማለትም በ24 ደመወዝ፣ ለመጨረስ ቆረጥሁ። (ጳጉሜን ደመወዝ የላትምና ከስሌቱ ወጥታለች።) 120,000 ለ24 ሲካፈል 5,000 ነው። በየወሩ መጨረሻ 5,000 ብር ያለ አንዳች መዛነፍ አስቀመጥሁ። ወለድ ተጨምሮበት በሁለት ዓመቱ መጨረሻ 128,400 ብር ገደማ አገኘሁ። ካሰብሁት በላይ ነበርና ደስ ብሎኝ ወደ ሱቅ ሄድሁ። አንዱ ቆርቆሮ 2,160 ብር ገብቷል። በእጄ ያለው ገንዘብ የሚገዛው 59 ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ከ80 ቆርቆሮ 59 ያለው ጣሪያ ሦስት አራተኛ ጣሪያ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ የሚያፈስ ቤት ነው። የማድ ቤቱ በኩል ያንን ክረምት በሸራ ከረመ። እናቴ የባንክ ደብተሩን ካየች በኋላ፣ «ልጄ፣ ገንዘቡስ ጨምሯል፤ ታዲያ ቆርቆሮው ወዴት ሄደ?» አለችኝ። የኢኮኖሚክስ መምህር ለሆነ ልጇ ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ስሕተቱ የት ላይ እንደነበረ እንመልከት። ግቡን በብር ጻፍሁት፤ የምፈልገው ግን ብር ሳይሆን 80 ቆርቆሮ ነበር። ብሩ የቆርቆሮው የአንድ ቀን ትርጉም ብቻ ነው። ዋጋው በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር፣ የዛሬው 120,000 ከአንድ ዓመት በኋላ 144,000፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 172,800 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የተጨመረው 28,800 እንጂ 24,000 አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ጭማሪው በጭማሪው ላይ ይሰላል። ስለዚህ የሚካፈለው ቁጥር 172,800 እንጂ 120,000 አይደለም።

ይህን ለ24 ብናካፍለው 7,200 ይደርሳል። ባንክ ወለድ ስለሚከፍለን ግን ትንሽ ዝቅ ይላል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበርና በዚያው በ7 በመቶ እናስላ። በየወሩ መጨረሻ የሚገባ አንድ ብር በ24ኛው ወር መጨረሻ በድምሩ 25.68 ብር ይሆናል፤ 24ቱ ብሮቹ ራሳቸው ናቸው፣ 1.68ቱ ወለድ ነው። 172,800ን ለ25.68 ስናካፍል 6,730 ብር ገደማ እናገኛለን። በኮምፒውተር የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=PMT(0.07/12, 24, 0, -172800)
```

እኔ ካስቀመጥሁት 5,000 ጋር ያለው ልዩነት በወር 1,730 ብር ነው። የጎደሉት 21 ቆርቆሮዎች በዚህ ልዩነት ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጨነቅበትንና ሊጨነቅበት የሚገባውን ነገር ማነጻጸር እወዳለሁ። ብዙዎቻችን የተሻለ ወለድ የሚከፍል ባንክ ፍለጋ እንባዝናለን። ወለዱ ከ7 ወደ 10 በመቶ ቢያድግ የወር ቁጠባው ከ6,730 ወደ 6,534 ይወርዳል፤ በወር 200 ብር እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ የዋጋ ግምታችን ተሳስቶ ጭማሪው 20 ሳይሆን በዓመት 30 በመቶ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ቁጠባ ወደ 7,900 ይወጣል። የዋጋው ግምት ከወለዱ ምርጫ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። በወለድ ላይ የሚቆረጠው ግብርም ቢሆን በዚህ መጠን ሲታይ ኢምንት ነው።

ታዲያ 20 በመቶውን ከየት አመጣነው? በየወሩ ከሚታወጀው አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት አይደለም። በዚያ መለኪያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ምግብ ነው። የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ በወረደበት ወር ቆርቆሮ ሊወደድ ይችላል። ቆርቆሮ የሚሠራው ከውጭ ከሚገባ ጥቅል ብረት ነውና ዋጋው ከምንዛሬው ጋር ይነሣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ለሚቆጥብ ሰው ስሌቱ በአንድ ጀምበር ተለወጠ። ስለዚህ የሚጠየቀው የራሱ የዕቃው ዋጋ ነው፤ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለውን ቆርቆሮ፣ ከተቻለ ከአንድ ሱቅ፣ በየጊዜው ጠይቆ በማስታወሻ መጻፍ። የጌጁ ቁጥር ካልተመሳሰለ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ ሳሱን ቆርቆሮ በወፍራሙ ዋጋ የሚያነጻጽር ሰው ዋጋ የወረደ ይመስለዋል።

አሁን ወደ አንድ ልማደኛ አስተሳሰብ ልሻገር። «6,730 የለኝም፤ 3,000 ብቻ አለኝ። ታዲያ ጊዜውን አራዝመዋለሁ፤ ቢዘገይም መድረሱ አይቀርም» ይባላል። ዋጋ ባለበት ቢቆም ኖሮ ትክክል ነበር። ዋጋ ከወለድ ፈጥኖ በሚያድግበት ዘመን ግን ይህ አባባል ከአንድ ወሰን በታች ሐሰት ይሆናል።

በ3,000 ብር የሚጀምረውን ሰው እንከተለው። በመጀመሪያው ወር የጣሪያው ዋጋ በ1,837 ብር ይጨምራል፤ እርሱ ግን 3,000 ብር አስቀምጧል። ስለዚህ ክፍተቱ ጠበበ፤ ተስፋ አለው። በሁለተኛውም፣ በዐሥረኛውም ወር እንዲሁ ይጠብበታል። ነገር ግን ዋጋው በወር 1.53 በመቶ ገደማ እያደገ ይሄዳል፤ የእርሱ ወርኃዊ ግስጋሴ ደግሞ፣ ወለዱ ተጨምሮበትም፣ በወር 0.58 በመቶ ብቻ ያድጋል። ከአራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ 181,600 ብር አለው፤ ጣሪያው 264,400 ብር ደርሷል። 120,000 የነበረው ክፍተት ወደ 83,000 ወርዷል። ይህ ከሁሉ የጠበበው ክፍተት ነው፤ ከዚያ ወር ጀምሮ እየሰፋ ይሄዳል። በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ሰውየው በወር 4,890 ብር ወደ ፊት ሲራመድ ግቡ በወር 6,580 ብር ይርቃል። ይህ ሰው አንድም ወር ሳያጓድል ዕድሜውን ሙሉ ቢቆጥብ ጣሪያውን አይገዛም።

በ5,000 ብር የሚቆጥበው ግን ይደርሳል፤ በ24 ወር ሳይሆን በ39 ወር። ማለትም እኔ 15 ወር ብታገሥና ቁጠባውን ብቀጥል 80ውን መግዛት እችል ነበር። በእነዚህ ግምቶች የመድረስና ያለመድረስ ወሰኑ በወር ከ4,000 ብር ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ በታች ላለ ሰው ጊዜ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ወይ ግቡን ያሳንስ፣ ለምሳሌ በ40 ቆርቆሮ አንዱን ወገን ይቀይር፤ ወይ ወደ ኋላ የማነሣውን ሌላ መንገድ ይያዝ። ክፍተቱ ለአራት ዓመታት ያህል እየጠበበ መታየቱ ነው አደጋው፤ ሰውየው መሳሳቱን የሚያውቅበት ምልክት የሚታየው እጅግ ዘግይቶ ነው። ምልክቱን ቀድሞ ማየት የሚሻ ሰው የደብተሩን ቀሪ ብር ሳይሆን፣ ቀሪው በዕለቱ ዋጋ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ በየወሩ ይጻፍ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ ዕቅዱን መከለስ ነው። 6,730 ብር የተመሠረተው በግምት ላይ ነው። ግምት ደግሞ ይስታል። ጥያቄው መቼ እንደምናውቀው ነው።

ስድስት ወር አለፈ እንበል። እንደ ዕቅዳችን ቆርቆሮው 1,643 ብር መሆን ነበረበት፤ ሱቁ ግን 1,900 አለ። በደብተራችን 40,973 ብር አለ። ሦስት ነገሮችን እንሠራለን። መጀመሪያ አዲሱን የመጨረሻ ዋጋ እናሰላለን፤ 1,900 በቀሪዎቹ 18 ወራት በዚያው በ20 በመቶ ቢያድግ 2,498 ብር ገደማ፣ ለ80 ቆርቆሮ 199,809 ብር ይሆናል። ከዚያ በእጃችን ያለው ገንዘብ በ18 ወር ስንት እንደሚሆን እናያለን፤ 45,495 ብር። ቀሪውን 154,314 ብር በ18 ወራት ቁጠባ እንሸፍናለን። ሲሰላ በወር 8,156 ብር ነው። በፕሮግራሙ ላይ፦

```
=PMT(0.07/12, 18, 40973, -199809)
```

ጭማሪው በወር 1,430 ብር ያህል ነው። ያማል፤ ግን የሚቻል ሕመም ነው። አሁን ይኸው ሰው ዋጋ መጠየቁን ረስቶ በ18ኛው ወር ቢነቃስ? የዋጋው መንገድ ያው ነው፣ የመጨረሻው ግብም ያው 199,809 ነው። ነገር ግን ሸክሙ የሚወድቀው በስድስት ወራት ላይ ብቻ ነውና የሚያስፈልገው ቁጠባ በወር 11,161 ብር ይሆናል፤ ጭማሪው ከ4,400 ብር በላይ። በጠቅላላው የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በሁለቱም መንገድ ብዙ አይለያይም፤ 26,000 ብር አካባቢ ነው። የሚለየው ደመወዙ ሊሸከመው መቻሉ ነው። እስከ መጨረሻው ሳይጠይቅ የቆየው ደግሞ በ24ኛው ወር 69 ቆርቆሮ ይዞ ይቆማል።

ስለዚህ በየወሩ መከለስ አድካሚ ከሆነ በየሦስት ወሩ፣ ቢበዛ በየስድስት ወሩ ይከለስ፤ ምንዛሬው ሲነቃነቅ ደግሞ ቀኑን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ። ከሁለት ዓመቱ በመጀመሪያው ዓመት የሚደረገው ክለሳ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ገና የሚከፈሉ ብዙ ወራት አሉና።

ቀመር የማይወድ ሰው (በዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዳለ አውቃለሁ) ቁጠባውን ራሱን በቆርቆሮ ይተምን። ወለዱ ከዋጋው ጭማሪ ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ 80ውን ለ24 አካፍሎ በየወሩ የ3.33 ቆርቆሮ ዋጋ ማስቀመጥ በበቃ ነበር። ወለዱ 7፣ የዋጋው ጭማሪ 20 በሆነበት ግን 3.7 ያስፈልጋል። በየወሩ መጨረሻ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ በ3.7 ማባዛት ነው። የመጀመሪያው ወር 5,640 ብር፣ የመጨረሻው 8,000 ብር ያህል ይሆናል። በጠቅላላው የ89 ቆርቆሮ ዋጋ ያስቀምጥና 80 ይገዛል። ለእናቴ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፤ ዘጠኙ ቆርቆሮ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የጠፋ ነው።

በእኩል የሚከፈለው 6,730 ግን በቆርቆሮ ሲታይ በመጀመሪያው ወር 4.4፣ በመጨረሻው 3.1 ነው። ማለትም የሚከብደው መጀመሪያ ላይ ነው። የትኛው ይሻላል? ደመወዙ በየዓመቱ የሚያድግ ሰው በቆርቆሮ የሚተመነውን ቢመርጥ ይቀለዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ደመወዙ ለዓመታት ቆሞ አንድ ጊዜ የሚነሣ ስለሆነ፣ በ8,000 የሚያልቅ ዕቅድ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ለእርሱ መጀመሪያ የሚከብደው እኩል ክፍያ ይበጃል።

የሀገራችን ሰው ለዚህ ችግር ቀመር ሳይጠብቅ ያገኘው መንገድ አለ፤ ዕቃውን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየገዙ ማኖር። በየከተማው ግቢ ውስጥ ተከምሮ የምታዩት ብሎኬትና ብረት የቁጠባ ደብተር ነው። በእኛ ምሳሌ በየወሩ 3.33 ቆርቆሮ (በተግባር አንድ ወር ሦስት፣ ሌላ ወር አራት) የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ወር 5,080፣ የመጨረሻውን 7,200 ብር ይከፍላል። በ24 ወር የሚያወጣው 145,900 ብር ገደማ ነው፤ በባንክ በእኩል የሚቆጥበው ግን ከኪሱ 161,500 ብር ያወጣል። የ15,600 ብር ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሁሉም በላይ ዋጋው ድንገት ቢዘል፣ የተገዛው ቆርቆሮ አይነካም፤ የሚወደደው ያልተገዛው ብቻ ነው።

መንገዱ ግን ለሁሉም ዕቃ አይሆንም። ሲሚንቶ እርጥበት ይስባል፤ ወራት ቆይቶ ይጋገራል። ቆርቆሮ ራሱ ተደራርቦ በመካከሉ ውኃ ከገባበት ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አንድ ወገኑ ዘንበል ብሎና ነፋስ እያገኘው መቀመጥ አለበት። ሌባም አለ። በተለያየ ጊዜ የተገዛው የሞገዱ ቅርጽ ካልገጠመ መደራረቡ ላይ ያፈስሳል። የትምህርት ክፍያን ወይም የሕክምናን ወጪ ደግሞ ቆራርሶ ገዝቶ ማኖር አይቻልም፤ ለእነዚያ የባንኩ ስሌትና ክለሳው ብቻ ይቀራል።

ስለ እቁብ አንድ ነገር ብቻ። ሃያ አራት ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል ድምሩ 120,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ጣሪያውን በዛሬው ዋጋ ያለብሳል። የመጨረሻው ያንኑ 120,000 ይወስድና 55 ቆርቆሮ ይገዛል። ዕጣው በዋጋ ንረት ጊዜ ገንዘብን ከመጨረሻው ሰው ወደ መጀመሪያው ያሻግራል ማለት ነው። እቁብ ውስጥ የሚገባ ሰው ዕጣው ዘግይቶ ቢወጣለት የጎደለውን ከየት እንደሚሞላ አስቀድሞ ያስብ።

(ከአድማጮች አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ «መምህር፣ ዋጋው ከገመትነው በታች ቢጨምርስ? ቁጠባውን እንቀንስ?»)

መልካም ጥያቄ ነው። ክለሳው ወደ ታችም ይሠራል፤ ስሌቱ የሚሰጠው ቁጥር ዝቅ ይላል። እኔ ብሆን ግን ወሩን እንጂ ቁጠባውን አልቀንስም። በ6,730 የጀመረ ሰው ዋጋው 20 ሳይሆን 10 በመቶ ብቻ ቢያድግበት፣ በ20ኛው ወር 142,300 ብር ይኖረዋል፤ 80 ቆርቆሮ በዚያን ጊዜ 140,700 ብር ገደማ ነው። ገንዘቡ በቃ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ይግዛ፤ «ዕቅዴ 24 ወር ነው» ብሎ አራት ወር አይጠብቅ።